ያልጨረስኩትን መጽሐፍ እንዴት ብዬ ልከራከርለት?

ሰላም ለእርስዎ እትዬ፤

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ትምህርት ቤታችን «ተማሪዎች አሁንም ክላሲክ ሥነ ጽሑፍ ማንበብ አለባቸው ወይ?» የሚል ክርክር አዘጋጅቷል። በዕጣ ደጋፊ ቡድን ደረሰኝ። የመጀመሪያዋ ተናጋሪም እኔ ነኝ። 4 ደቂቃ ንግግር፣ በኋላ ደግሞ 2 ደቂቃ መልስ አለኝ። ችግሩ እኔ ራሴ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጀምሬ ትቼዋለሁ። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ከተጋቡ ብዙም ሳልርቅ ነው የሰለቸኝ። ለአማርኛ መምህራችን ግን «ጨርሻለሁ» ብያቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነው። እኔና ጓደኞቼ የምናነበው ቴሌግራም ላይ የሚለቀቁ አጫጭር ታሪኮችን ነው። አያቴ መጽሐፉን በሬዲዮ እንደሰሙት ሁሌ ያወራሉ፤ እኔ ግን አይገባኝም። ንግግሬን «ሥነ ጽሑፍ የሕዝብ መስታወት ነው» ብዬ ጀመርኩት፣ «ክላሲኮች እንደ ፋሲል ግቢ ቅርሶቻችን ናቸው» ብዬ ጨረስኩት። ሳነበው እኔኑ እንቅልፍ ይወስደኛል። 12 ቀን ቀርቶኛል። ምን ላድርግ?

ልጄ፤

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰብለወንጌልን ተዋውቀሻታል? ባልሽው ቦታ ላይ ከተውሽው አልተዋወቃችሁም። በዛብህም ገና አልተወለደ ይሆናል። እንግዲህ አንቺ የጠላሽው መጽሐፉን ሳይሆን መግቢያውን ነው። ይህን ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ማንኩሳ ላይ የቀረው አንባቢ ብዙ ነው። እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ እዚያው ነው የቀረሁት። በኋላ አንዲት ጓደኛዬ «ዝለይውና በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከገባበት ጀምሪ» አለችኝ። ዘለልኩት። ከወር በኋላ ተመልሼ መግቢያውን አነበብኩት፤ ያኔ ጣፈጠኝ።

ለመምህርሽ ያልሽውን ነገር ቶሎ ጨርሺው። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። ብቻቸውን ስታገኚያቸው «መምህር፣ ጨርሻለሁ ያልኩዎት ውሸት ነበር። አሁን እያነበብኩ ነው፤ ንግግሬን በምን ላይ ላተኩር?» በያቸው። ጥያቄ ይዘሽ ስለምትሄጂ ወሬው ከውሸቱ ወደ ሥራው ይዞራል። ይህን የምልሽ ለጨዋነት ብቻም አይደለም። ተቃዋሚ ቡድን ውስጥ አንድ ተንኮለኛ ልጅ አይጠፋም። «ይቅርታ፣ አንቺ መጽሐፉን ጨርሰሽዋል?» ብሎ ቢጠይቅሽና መምህርሽ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቢሆን፣ ምላስሽ ይታሰራል።

በእኔም ደርሷል። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ክርክር ላይ ያንኑ የአንቺን «መስታወት» ይዤ ቆምኩ። ተቃዋሚው ልጅ ተነሳና «መስታወቱ የቱ ገጽ ላይ ነው?» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም።

ስለዚህ ከንግግርሽ ውስጥ የቱ መውጣት እንዳለበት የምትለዪበት ቀላል መፈተኛ ልስጥሽ። አረፍተ ነገሩ ውስጥ «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን አውጪና «ሙዚቃ» ወይም «ታሪክ» የሚለውን አስገቢ። «ሙዚቃ የሕዝብ መስታወት ነው።» ያስኬዳል አይደል? እንግዲያው ስለ ሥነ ጽሑፍ ገና ምንም አልተናገርሽም። ሰርዢው።

የፋሲል ግቢው ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ እሱ ጠላት ነው። እኛ ጎንደሬዎች ፋሲልን ስንጠራ ደረታችን ይነፋል፣ ተማሪውም ያጨበጭባል። ተቃዋሚሽ ግን ጭብጨባው ሲያልቅ እንዲህ ይልሻል፦ «ልክ ብላለች። ፋሲል ግቢ ትኬት ይቆረጣል፣ ይታያል፣ ፎቶ ይነሳበታል፣ ከዚያ ወደ ቤት ይኬዳል። ማንም አይኖርበትም። ክላሲክም እንደዚያው ነው።» በገዛ ምሳሌሽ አሰረሽ ማለት ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የተጻፉትን መጻሕፍት መጥራትም ያምርሽ ይሆናል። እዚህ ከተማ ቴዎድሮስን ጠርቶ ጭብጨባ ያጣ የለም። ዳኞቹ ግን የሚቆጥሩት ጭብጨባ አይደለም።

አሁን ርዕሱን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ከባዶቹ ቃላት ሁለት ናቸው፤ «አሁንም» እና «አለባቸው»። «ማንበብ ጥሩ ነው» ብለሽ 4 ደቂቃ ብትናገሪ ተቃዋሚዎችሽም ይስማማሉ። «ጥሩ ነው፣ የፈለገ ያንብብ፤ ግዴታው ለምን?» ይሉና ያሸንፉሻል። አንቺ ማስረዳት ያለብሽ አንድ የቆየ መጽሐፍ ሁሉም ተማሪ በአንድነት እንዲያነበው መመደቡ ምን እንደሚጠቅም ነው። «ሁሉንም ክላሲክ» ብለሽም አትሸከሚ። ንግግርሽ መጀመሪያ ላይ «እኛ የምንለው በዓመት ቢያንስ አንድ የቆየ መጽሐፍ፣ በክፍል ውስጥ፣ ከመምህር ጋር» ብለሽ አጥብቢው። ለትንሽ ሜዳ ትንሽ አጥር ይበቃል። «ክላሲክ»ንም በአንድ አረፍተ ነገር ፍቺው፤ ከጸሐፊው ዘመን በኋላ የመጣ ትውልድም ተቀብሎ የሚከራከርበት መጽሐፍ። ያረጀ ሁሉ ክላሲክ አይደለም፤ ይህን አንቺ ቀድመሽ ካልሽው እነሱ የሚሉት ይጎድላቸዋል።

ቀጥሎ የተቃዋሚውን ትልቁን ድንጋይ አንቺው አንሺው። የእነሱ ጠንካራ ነጥብ «ቋንቋው ይከብዳል» አይመስለኝም፤ ለዚያ መምህር አለ። ጠንካራው «ዓለሙ ጠፍቷል» የሚለው ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። የሚያሳየን የባላባትና የጭሰኛ ዓለም ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ወጣና ያ ሥርዓት ፈረሰ። ታዲያ ፊታውራሪ በሌለበት አገር ስለ ፊታውራሪ ማንበብ ምን ይረባል? አንቺም በልብሽ የምትዪው ይህንን ሳይሆን አይቀርም። መልካም ነው፤ የምታምኚውን ተቃውሞ መመለስ የማታምኚውን ከመመለስ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጥንካሬውን ታውቂዋለሽ።

መልሱ ያለው ሰብለ ቤት ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለማን እንደሚድሩ አጥተዋል። አማላጅ በመጣ ቁጥር የዚያኛው ዘር ይጎድላል፣ የዚህኛው አጥንት ከእሳቸው አይተካከልም። ልጅቱ እቤት ቁጭ ብላ ዕድሜዋ ይሄዳል። ከዚያ ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምራት የድሃ ልጅ የሆነው በዛብህ ይመጣል። የሚፋቀሩት በትምህርቱ መሐል ነው። ፊታውራሪ ቤት ደግሞ ከዚህ የበለጠ ወንጀል የለም። ይህ ሁሉ ከንቱ መሆኑን በግልጽ የሚናገር አንድ ሰው አለ፤ ካሳ ዳምጤ። አገሩ ምን አለው? «ጉዱ ካሳ»። እብድ አለው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ሰፈራችሁ ውስጥ አንዲት ልጅ የምትወደውን ሰው ስታስተዋውቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድን ነው? ጠባዩ ነው? ሥራው ነው? ወይስ «የማን ልጅ ነው?» ነው። መሬቱ በአዋጅ ተወረሰ፤ ይህ ጥያቄ ግን አልተወረሰም። ንግግርሽ ሊቆም የሚችለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አስባለሁ። እንዲያውም እንዲህ ልሞክርልሽ፤ ቃሉን ወደ ራስሽ አፍ አምጪው፦

«ተቃዋሚዎቻችን ፊታውራሪ የለም፣ ጭሰኛ የለም ይሉናል። እውነት ነው። የ1967ቱ አዋጅ ጨርሶታል። አዋጁ የወረሰው ግን መሬት ነው። ‹የማን ልጅ ነው?› የሚለውን ጥያቄ አልወረሰውም። ይህን ጥያቄ በክፍላችን እንወያይበት ብንል አንችልም። የአንዷ አባት ይነካል፣ የአንዱ አጎት ይቀየማል። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ግን ሁላችንም መናገር እንችላለን። የማንም አባት አይደሉም። ስለሞቱ ሳይሆን ሁላችንም ስለምናውቃቸው ነው የምንከራከርባቸው።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ልብ በያት። «ሁላችንም ስለምናውቃቸው» የምትለው «አለባቸው»ን የተሸከመችው እሷ ናት። ቴሌግራም ላይ አንቺ አንድ ታሪክ ታነቢያለሽ፣ ጓደኛሽ ሌላ ታነባለች። ሁለቱም ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን 50 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሰው ከሌለ ክርክር አይነሳም፣ «አንብቢው ቆንጆ ነው» ብቻ ይሆናል። መጽሐፍ የሚመደበው ለዚህ ነው። ግዴታውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምክንያት እኔ አላገኘሁም። «ማንነታችን ይጠፋል» የሚለውን አትንኪው። ከየት አምጥተሽ ታስረጃለሽ? አንድም ልብ ወለድ ሳያነቡ ቋንቋቸውንና አገራቸውን አጥብቀው የሚወዱ ሰዎች እያንዳንዱ ቤት አሉ።

እዚህ ላይ ብልህ ተቃዋሚ አንድ ነገር ይልሻል፤ «ይሄንንማ አዲስ መጽሐፍም ያደርገዋል። ለምን አዲስ አይመደብም?» ይህ ጥያቄ ከመጣ አትደንግጪ፣ አትካጂም፣ «አዎ፣ አዲስም ይመደብ» በይ። የድሮውን የሙግት ሥርዓታችንን፣ በላ ልበልሃን፣ አያትሽ ሳይነግሩሽ አይቀሩም። እዚያ የተካነ ተሟጋች የማይካደውን ቶሎ አምኖ የሚካደው ላይ ይቆማል። አንቺም ካመንሽ በኋላ አዲሱ መጽሐፍ የሌለውን አንድ ነገር አምጪ፤ አያትሽን።

እውነቴን ነው። አያትሽ መጽሐፉን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተውታል። አንቺ ደግሞ ልታነቢው ነው። ሁለታችሁ ስለ አንድ ሰው ልትከራከሩ የምትችሉበት መጽሐፍ ስንት አለ? ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ አጠገባቸው ተቀመጪና «አባባ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ተሳስተዋል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «መጽሐፉ እንዴት ነው?» አትበዪ፤ «ድንቅ ነው» ይሉሽና ያልቃል። ስለ ሰውዬው ጠይቂ። የሚመልሱልሽን ቃል በቃል ጻፊ። ከተስማሙ፣ ያንን መልስ በንግግርሽ መጀመሪያ ላይ አድርጊው። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ባለፈው ሳምንት አያቴን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ። እኔ አልተስማማሁም። እስከ ማታ ተከራከርን።» ይህን ማንም ከኢንተርኔት ሊቀዳው አይችልም፤ ስለዚህ ማንም አስቀድሞ ሊመልሰው አይችልም።

ከሬዲዮው ጋር የሚመጣ አንድ ወጥመድ ግን አለ። «አያትሽ በጆሯቸው ነው የሰሙት። እኛም እንስማው፣ ለምን እናንብብ?» ሊሉሽ ይችላሉ። ትረካውን አታንቋሽሺ፤ ዳኞቹም በእሱ ያደጉ ይሆናሉ። እኔ ብሆን «ትረካው በር ይከፍታል። ግን ጉዱ ካሳ አንድን ቃል ሲናገር እየቀለደ ይሁን እየተቆጣ ተራኪው ወስኖልን ነው የምንሰማው። ስናነብ የምንወስነው እኛ ነን» እላለሁ። ከዚያ አንድ አጭር አረፍተ ነገር ከመጽሐፉ መርጠሽ፣ አንዴ በቀልድ፣ አንዴ በቁጣ አንብቢላቸው። 15 ሰከንድ አይፈጅም።

ንባቡን እንዴት ታደርሺዋለሽ? ከ12ቱ ቀን የመጨረሻዎቹን 2 ለልምምድ ተዪ። 10 ቀን ቀረሽ። እጅሽ ላይ ያለው ቅጂ የመጨረሻ ገጹ ስንት እንደሆነ እዪና ለ10 አካፍዪው። ፈተና ካለብሽና ቁጥሩ ካስፈራሽ እኔ እንዳደረግሁት መግቢያውን ዝለዪ። በዛብህ ፊታውራሪ ቤት ከሚገባበት ጀምረሽ የቻልሽውን ያህል ሂጂ። ስታነቢ ሁሉን አታስምሪ። «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነገር የሚነሳበትን ቦታ ብቻ ገጽ ቁጥሩን ጻፊ። 3 ቦታ ካገኘሽ ይበቃሻል። ያ ተንኮለኛ ልጅ «የቱ ገጽ ላይ ነው?» ሲልሽ ትነግሪዋለሽ፤ እኔ ያጣሁት መልስ እሱ ነው። ካልጨረስሽው ደግሞ አልጨረስኩም በይ። «ማንኩሳ ላይ ሰልችቶኝ ትቼው ነበር፤ ለዚህ ክርክር ብዬ ተመለስኩ፤ እዚህ ገጽ ላይ ደርሻለሁ» የምትል ተማሪ፣ ሁሉን ጨርሻለሁ ከምትለው በላይ ትታመናለች።

ልብሽ ከተቃዋሚዎች ጋር መሆኑ ግን አሁንም ይከነክንሽ ይሆናል። ክርክር መሐላ አይደለም። ዕጣ የሰጠሽን ወገን ጥሩ አድርገሽ ብታቀርቢ የዋሸሽ አይባልም። ብቻ «እኔ ክላሲክ ስወድ!» አትበዪ፤ እሱ ውሸት ነው። «እናምናለን» ከማለትም «እንከራከራለን» ማለት ይቀልሻል። መጽሐፉን አንብበሽ ሐሳብሽ ባይቀየር እንኳ ምንም አይደለም። ቢቀየር ደግሞ የት ገጽ ላይ እንደተቀየረ ለራስሽ ያዢው።

ንግግሩን ከጻፍሽ በኋላ ስልክሽ ላይ ሰዓት ከፍተሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ በልብሽ አይደለም። በልብ የተነበበ ሁሌ ያጥራል። ልምምድ ላይ 3 ደቂቃ ተኩል ላይ መጨረስ አለበት፤ የቀረውን ግማሽ ደቂቃ ሳቅና ጭብጨባ፣ ደግሞም የሚኒ ሚዲያው ማይክ ይበሉታል። ማይኩ እንደሚጮህ አንቺም ታውቂያለሽ። ከረዘመ አያትሽን አትቁረጪ፣ የ1967ቱንም አትቁረጪ። ፍቺውንና ምስጋናውን አሳጥሪ። «የተከበራችሁ ዳኞች፣ መምህራን፣ የዕለቱ እንግዶች፣ ውድ ተማሪዎች» ብቻውን ስንት ሰከንድ እንደሚበላ ለክተሽ ታውቂያለሽ? «የተከበራችሁ ዳኞች» በቂ ነው።

ወረቀቱን ሙሉ አትሸምድጂው። የተሸመደደ ነገር አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹን 3 አረፍተ ነገሮችና የመጨረሻዋን በቃልሽ ያዢ፤ መሐሉን በትንሽ ካርድ ላይ በ5 ቃል ጻፊ። ለ2 ደቂቃው መልስ ደግሞ ባዶ ወረቀት ይዘሽ ቁጭ በይ፣ ተቃዋሚው ሲናገር ከሁሉም የከበደሽን አንዱን ብቻ ጻፊና እሱን መልሺ። አራቱን ልመልስ ያለ አንዱንም አይመልስም።

ነገ መምህርሽ ጋ ሂጂ። አያትሽ ስለ ፊታውራሪ ምን እንዳሉ ግን ሳትጽፊልኝ እንዳትቀሪ። እኛ ቤት አባቴ እስከ ዛሬ ለፊታውራሪ ነው የሚያደሉት።